የታዘዘ ሁሉ ተሰጥቷል ማለት አይደለም፦ ላልተሰጠ አገልግሎት ለመጣ የክሊኒክ ሒሳብ የሚጻፍ የመቃወሚያ ደብዳቤ

ጥያቄ፦ «አባቴ የሳንባ ምች ይዟቸው በአንድ የግል ክሊኒክ ሰኞ ከሰዓት በኋላ ገብተው ረቡዕ ረፋድ ላይ ወጡ። ዝርዝር ሒሳቡን ሳየው የሦስት ቀን አልጋ፣ ፈጽሞ ያልተነሡት የደረት ሲቲ ስካን፣ ስድስት ብልቃጥ ሴፍትሪአክሶን (ሲሰጣቸው ያየሁት ሁለት ጊዜ ብቻ ነው)፣ አንድ ጊዜ ለተቀዳ ደም የአራት ምርመራ ክፍያ፣ እንዲሁም እኛ ያላየነው የልብ ሐኪም ጉብኝት ተካተውበታል። ገንዘብ ያዧ “ሲስተሙ ያወጣው ነው” ብላ መለሰችኝ። አንድም ሳንቲም ሳልከፍል ማጭበርበራቸውን የሚያጋልጥ ጠንከር ያለ ደብዳቤ ልጽፍ ተነሥቻለሁ። ምን ምን ልበል?»

«ማጭበርበር» የሚለውን ቃል ከደብዳቤው ያውጡት። ላዝንላቸው ፈልጌ አይደለም፤ ቃሉ የማስረጃ ሸክምዎን ስለሚያከብድብዎ ነው። ማጭበርበር ነው ካሉ ክሊኒኩ ሆን ብሎ እንዳደረገው ማሳየት ይጠበቅብዎታል። «ይህ ክፍያ በሕክምና መዝገቡ አይደገፍም» ካሉ ግን ማሳየት የሚጠበቅበት ክሊኒኩ ነው። ሌላም ጉዳት አለው። ክስ የሚመስል ደብዳቤ ከሒሳብ ክፍሉ ጠረጴዛ ተነሥቶ ወደ ጠበቃ ይሄዳል፤ በአንድ ሳምንት ሊታረም የሚችል ስሕተትም ለወራት የሚንከባለል ክርክር ይሆናል።

ገንዘብ ያዧ የሰጠችዎት መልስ ሰበብ ቢመስልም እውነትነት አለው፤ የችግሩን ምንጭም ይጠቁማል። በብዙ ክሊኒኮች ሒሳቡ የሚመዘገበው አገልግሎቱ ሲፈጸም ሳይሆን ሲታዘዝ ነው። ሐኪሙ ሲቲ ስካን ብሎ ሲጽፍ ወይም በኮምፒውተሩ ላይ ሲመርጥ ዋጋው ወዲያው በታካሚው ስም ይገባል። ከአንድ ሰዓት በኋላ ሐሳቡን ቀይሮ ራጅ ይበቃል ቢል፣ ወይም መሣሪያው ተበላሽቶ ምርመራው ቢቀር፣ ትዕዛዙን ከሒሳቡ የሚያወጣው አንድ ሰው መኖር አለበት። ያ ሰው ከረሳ ትዕዛዙ ብቻውን ሒሳብ ሆኖ ይቀራል። መድኃኒትም እንዲሁ ነው፤ ከፋርማሲው የወጣው ብዛት ይመዘገባል፣ ሳይሰጥ የቀረው ተመላሽ ካልተደረገ ታካሚው ይከፍልበታል። ሆን ተብሎ የሚደረግም አለ፣ አይቻለሁ። ነገር ግን ለሁለቱም የሚጻፈው ደብዳቤ አንድ ዓይነት ነው፤ ሁለቱም የሚጋለጡት በአንድ ጥያቄ ነውና። ጥያቄውም «ይህ መፈጸሙን የሚያሳየው መዝገብ የት አለ?» የሚል ነው።

ከዚህ የሚቀጥለውን ስሕተትዎን ልንገርዎት። አምስቱን ነጥቦች በአንድ ክር አስረዋቸዋል፤ ግን አንድ ዓይነት አይደሉም። አንዱ ፍጹም ትክክለኛ ክፍያ ሊሆን ይችላል፣ አንዱ የአቆጣጠር ክርክር ነው፣ አንዱ እርስዎ ካሰቡት ያነሰ ነው። አምስቱንም በእኩል ቁጣ ከጻፉ የክሊኒኩ መልስ በደካማው ነጥብ ይጀምርና ጠንካራውን አብሮ ይቀብረዋል።

ስለዚህ ደብዳቤውን ከመጻፍዎ በፊት የመዝገቡን ቅጂ ይጠይቁ። ቅደም ተከተሉ ወሳኝ ነው፤ በመጀመሪያ መዝገቡ፣ ከዚያ ተቃውሞው። ተቃውሞው ከቀደመ በኋላ የሚሰጥዎ ቅጂ ጥያቄዎን ካነበበ ሰው እጅ የወጣ ይሆናል። ዘግይቶ መጻፍ በራሱ ጥፋት አይደለም፤ ነርሷ በሥራ ብዛት ሳትጽፈው የቀረችውን በማግስቱ ልትሞላው ትችላለች። ሆኖም ዘግይቶ የተጻፈ ነገር የተጻፈበትን ቀንና ሰዓት ይዞ ዘግይቶ መጻፉን መግለጽ አለበት። በኮምፒውተር የሚሠሩ ክሊኒኮች ደግሞ ማን መቼ ምን እንደጻፈና እንደለወጠ የሚያሳይ የለውጥ ታሪክ ብዙውን ጊዜ አላቸው፤ ጥርጣሬ ሲገባዎ እርሱን መጠየቅ ይችላሉ።

የሚጠይቁት ወረቀት ብዙ አይደለም። የሐኪም ትዕዛዝ ገጾች፣ የሐኪሞች የክትትል ማስታወሻ፣ ነርሶች መድኃኒት በሰጡ ቁጥር የሚፈርሙበት የመድኃኒት መስጫ ቅጽ፣ የላቦራቶሪና የምስል ምርመራ ውጤቶች፣ የመግቢያና የመውጫ ሰዓት የሰፈረበት የመውጫ ማጠቃለያ ይበቃሉ። ጥያቄውን መፈረም ያለባቸው ግን አባትዎ ናቸው። ልጃቸው መሆንዎ የሕክምና ምስጢራቸውን የማየት መብት አይሰጥዎትም፤ ክሊኒኩም በዚህ ምክንያት ቢመልስዎት ትክክል ነው። እርሳቸው ይፈርሙ፣ ወይም እርስዎ መዝገቡን እንዲወስዱና በሒሳቡ ጉዳይ እንዲጻጻፉ በጽሑፍ ይወክሉዎት።

አሁን ዝርዝሩን በአንድ እጅ፣ መዝገቡን በሌላው ይዘን እንሂድ።

በደሙ እንጀምር፤ ይህን ነጥብ ከደብዳቤው የሚያወጡት ይመስለኛል። አንድ ጊዜ የተቀዳ ደም በሁለት ሦስት ትንንሽ ጠርሙሶች ተከፍሎ ለብዙ ምርመራ ይውላል። የደም ሴሎች ቆጠራ፣ የኩላሊት፣ የጉበትና የጨው መጠን ምርመራ ሁሉ ከአንድ መርፌ ሊሠሩ ይችላሉ፣ ዋጋቸውም ለየብቻ ነው። የሚጣራው አራት የውጤት ወረቀት መኖሩ እንጂ አራት ጊዜ መወጋታቸው አይደለም። አራቱም ውጤቶች ካሉ ክፍያው ትክክል ነው። ሦስት ውጤት ብቻ ከተገኘ አንዱን ይቃወሙ። ታካሚ ያላየው ሁሉ አልተደረገም ማለት አይደለም። አንድ ደንበኛዬ የማደንዘዣ ባለሙያውን በዓይናቸው እንዳላዩት እየማሉ ክፍያውን አልቀበልም ብለው ነበር፤ ሰውየው ሲመጣ እርሳቸው ተኝተው ነበርና።

ሲቲ ስካኑ በተቃራኒው ጠንካራው ነጥብዎ ነው። ሲቲ ስካን ዱካ ሳይተው አይደረግም። ምስሉ የታካሚውን ስም፣ ቀኑንና ሰዓቱን ይዞ በመሣሪያው ወይም በማከማቻው ውስጥ ይቀመጣል፣ ባለሙያው አንብቦ የጻፈው ዘገባም ይኖራል። ስለዚህ «አልተነሡም» ብለው አይከራከሩ፤ «ምስሉንና ዘገባውን ስጡኝ» ይበሉ። ሁለቱም ከሌሉ ክርክሩ አለቀ። ትዕዛዙ ብቻ ከተገኘም አልቋል፤ ትዕዛዝ የሐኪሙን ሐሳብ እንጂ የሥራውን መፈጸም አያስረዳም። ዘገባ ይዘው ቢመጡ ደግሞ በላዩ ያለውን ስምና የካርድ ቁጥር ከአባትዎ ጋር ያስተያዩ። የሌላ ሰው ምርመራ በእርሳቸው ካርድ ገብቶ ከሆነ ጉዳዩ ከገንዘብ አልፎ ለሁለት ሕመምተኞች ደኅንነት ያሰጋል፤ ይህንኑም በግልጽ ይጻፉት።

ብዙ ሰው የሚሰናከለው በመርፌው ላይ ነው። ስድስት ብልቃጥ ማለት ስድስት ጊዜ መርፌ ማለት አይደለም። ሴፍትሪአክሶን በብዙ ቦታ በ1 ግራም ብልቃጥ ይቀርባል፤ ለሳንባ ምች የሚታዘዘው መጠን ደግሞ ብዙውን ጊዜ በቀን 1 ወይም 2 ግራም ነው። የአባትዎ ትዕዛዝ በቀን አንድ ጊዜ 2 ግራም ከሆነ፣ ለእያንዳንዱ ጊዜ ሁለት ብልቃጥ ያስፈልጋል። ሰኞ ማታ ሁለት፣ ማክሰኞ ማታ ሁለት፣ በድምሩ አራት። ረቡዕ ረፋድ ስለወጡ የረቡዕ ማታው አልደረሰም። ስድስቱ ከየት መጡ? ምናልባት ፋርማሲው የሦስት ቀኑን በአንድ ጊዜ አውጥቶ የመጨረሻዎቹ ሁለት ተመላሽ ሳይደረጉ ቀርተዋል። በዚህ ስሌት ክርክርዎ የአራት ሳይሆን የሁለት ብልቃጥ ነው፤ ለመርፌው አሰጣጥ ለብቻው በጊዜ የሚከፈል ካለ የአንድ ጊዜውም ይጨመራል። ትዕዛዙ 1 ግራም ከሆነ ግን የተሰጠው ሁለት ብልቃጥ ስለሆነ አራቱ ትርፍ ናቸው። ይህን የሚነግርዎ የመድኃኒት መስጫ ቅጹ ነው። መጠኑን ያንብቡ፣ የተፈረመባቸውን ሰዓቶች ይቁጠሩ፣ ያባዙ። «እኔ ያየሁት ሁለት ጊዜ ነው» የሚለውን በደብዳቤው ውስጥ አይጠቀሙበት፤ ሌሊቱን ሁሉ ከአልጋው አጠገብ አልነበሩም ቢሉዎት መልስ የለዎትም።

የልብ ሐኪሙ ነገር ሁለት መልክ ሊኖረው ይችላል። ሐኪሙ ክፍሉ ሳይገባ የልብ ኤሌክትሪክ ምርመራውን ወረቀት አንብቦ አስተያየት ጽፎ ከሆነ ሥራ ሠርቷል፤ የሠራው ግን የንባብ ሥራ ነው እንጂ የጉብኝት አይደለም፣ ክፍያውም እንደዚያው መሆን አለበት። ጎብኝቶ ከሆነ ስሙ፣ ቀኑ፣ ሰዓቱና መርምሮ ያገኘው ነገር በክትትል ማስታወሻው ውስጥ ይገኛል። የሐኪሙ ስም በትዕዛዝ ገጽ ላይ «ይማከር» ተብሎ መጻፉ ብቻውን ጉብኝት አይሆንም። ስለዚህ ጥያቄዎ «የጉብኝቱን ማስታወሻ ስጡኝ፤ የተሠራው ሌላ ሥራ ከሆነ በስሙ ጥሩትና በዋጋው አስከፍሉ» የሚል ነው።

አልጋው ደግሞ የተለየ ነው። አባትዎ ያደሩት ሁለት ሌሊት ሲሆን የነኳቸው ቀኖች ሦስት ናቸው። በሌሊት የሚቆጥር ክሊኒክ ሁለት ይላል፣ በቀን የሚቆጥር ሦስት ይላል፣ ከተወሰነ ሰዓት በኋላ ለቆየ ተጨማሪ ቀን የሚጠይቅም አለ። ይህ ያልተሰጠ አገልግሎት ነው ለማለት ይከብዳል። የሚጠየቀው የአቆጣጠር ደንቡ በጽሑፍ መኖሩና ሲገቡ ለአባትዎ መገለጡ ነው፤ የመግቢያ ቅጹን ጀርባ ሳይቀር ያንብቡ። ነጥቡን ከሌሎቹ ለይተው በመጨረሻ አንቀጽ ላይ ያስቀምጡት።

መዝገቡ ከላይ እንደገመትኩት ሆኖ ከተገኘ ደብዳቤው ከዚህ የረዘመ መሆን የለበትም።

«ለክሊኒኩ ሥራ አስኪያጅ፣
ግልባጭ፦ ለሒሳብ ክፍል

ጉዳዩ፦ በሒሳብ ቁጥር ____ ላይ በመዝገብ ያልተደገፉ ክፍያዎች እንዲታረሙ ስለመጠየቅ

የካርድ ቁጥሬ ____ ሲሆን ከሰኞ ____ እስከ ረቡዕ ____ በክሊኒኩ ተኝቼ ታክሜአለሁ። ዝርዝር ሒሳቡን በቀን ____ ከተሰጠኝ የሕክምና መዝገብ ቅጂ ጋር አስተያይቼ የሚከተሉትን አግኝቻለሁ።

በተራ ቁጥር ____ የተመዘገበው የደረት ሲቲ ስካን በትዕዛዝ ገጹ ላይ ቢገኝም ምስልም ሆነ የውጤት ዘገባ በመዝገቡ ውስጥ የለም። ክፍያው በሙሉ እንዲሰረዝ እጠይቃለሁ። በተራ ቁጥር ____ ስድስት ብልቃጥ ሴፍትሪአክሶን ተመዝግቧል። የመድኃኒት መስጫ ቅጹ 2 ግራም ሁለት ጊዜ መሰጠቱን፣ ማለትም አራት ብልቃጥ መዋሉን ያሳያል። የሁለት ብልቃጥና የአንድ ጊዜ መርፌ አሰጣጥ ክፍያ እንዲቀነስ እጠይቃለሁ። በተራ ቁጥር ____ ለተመዘገበው የልብ ሐኪም ጉብኝት የጉብኝት ማስታወሻ አላገኘሁም። ማስታወሻው ካለ ቅጂው እንዲሰጠኝ፣ ከሌለ ክፍያው እንዲሰረዝ እጠይቃለሁ።

ከዚህ በተለየ፣ ለሦስት ቀን የተመዘገበው የአልጋ ክፍያ በየትኛው የአቆጣጠር ደንብ እንደተሠላ በጽሑፍ እንዲገለጽልኝ እጠይቃለሁ። እስኪገለጽልኝ የሦስተኛውን ቀን ክፍያ አልተቀበልሁም።

ያልተቃወምኳቸውን ክፍያዎች በሙሉ ዛሬ ከፍያለሁ፤ የደረሰኙ ቅጂ ተያይዟል። ይህ ክፍያ ከላይ የተጠቀሱትን እንደመቀበል አይቆጠርም። የታረመው ሒሳብ ወይም እያንዳንዱን ነጥብ የሚደግፈው መዝገብ ይህ ደብዳቤ ከደረሳችሁ ቀን ጀምሮ በ15 ቀን ውስጥ በጽሑፍ እንዲደርሰኝ፣ እስከዚያም በክርክር ላይ ያለው ገንዘብ እንደ ውዝፍ ዕዳ እንዳይቆጠር አሳስባለሁ።»

አባትዎ ይፈርሙበት፤ በውክልና ከሆነ እርስዎ ይፈርሙና ውክልናውን ያያይዙ። ቀንና ሰዓት ሲጠቅሱ መዝገቡ እንደጻፈው ይቅዱት፣ ወደ ሌላ አቆጣጠር አይመልሱት። ዋናዎቹን ወረቀቶች አይስጡ፣ ቅጂ ይበቃል። በእጅ ካደረሱት በራስዎ ቅጂ ላይ የተቀባዩን ስም፣ ፊርማና ቀን ያስፈርሙ፤ በፖስታ ከላኩት በሪኮማንዴ ይሁን። በስልክ የሚነገርዎትን ሁሉ ያዳምጡ፣ ከዚያ «ዛሬ በስልክ እንዲህ ብላችሁኛል» ብለው በጽሑፍ ይላኩት።

በደብዳቤው ውስጥ እንዳዩት፣ ምንም ሳይከፍሉ ይቆዩ በሚለው አልስማማም። የሲቲ ስካኑ ክፍያ ሐሰት መሆኑ የሁለት ሌሊት ሕክምናውን ነፃ አያደርገውም። ሁሉንም ከያዙ ክሊኒኩ በእውነተኛው ዕዳ ይከስስዎታል ወይም ለዕዳ ሰብሳቢ ያስተላልፍዎታል፤ ያኔ ተከላካይ የሚሆኑት እርስዎ ነዎት። ያልተከራከሩበትን ይክፈሉ፤ ደረሰኙ የትኞቹን ተራ ቁጥሮች እንደሚሸፍን እንዲጻፍበት ያድርጉ። ሲገቡ ያስያዙት ቅድሚያ ክፍያ ካለም መቀነሱን ይመልከቱ፤ በጥድፊያ የሚረሳ ነገር ነው። እንዲፈርሙ የሚቀርብልዎ ወረቀት «ሒሳቡን ሙሉ በሙሉ ተቀብያለሁ» ወይም «ሌላ ጥያቄ የለኝም» የሚል ከሆነ አይፈርሙ። ሙሉውን አስቀድመው ከፍለው ከሆነም ነገሩ አላበቃም፤ ደብዳቤው «ይሰረዝ» ከማለት «ይመለስልኝ» ወደ ማለት ይለወጣል እንጂ ይዘቱ ያው ነው። የጤና መድን ካለዎት ቅጂውን ለመድን ድርጅቱም በዚያው ቀን ይላኩ፤ ላልተሰጠ አገልግሎት እርሱም ሊከፍል ነውና፣ የአባትዎም የዓመት ጣሪያ በከንቱ ይቀነሳል።

ከሚመጡት መልሶች መካከል በጣም የሚያታልለው ቅናሽ ነው። ሥራ አስኪያጁ በትሕትና ጠርተው «ለእርስዎ ስንል ከጠቅላላው ይህን ያህል እንቀንሳለን» ይሉዎታል፤ ቁጥሩም ከሲቲ ስካኑ ዋጋ ጋር ይቀራረባል። አይቀበሉ። ቅናሽ ዋጋውን ይቀንሳል፣ መስመሩን ግን በቦታው ይተወዋል። አባትዎ በወረቀት ላይ የደረት ሲቲ ስካን የተነሡ ሰው ሆነው ይቀራሉ። ከወራት በኋላ ሌላ ሐኪም «በቅርቡ ተነሥተዋል» ብሎ ሊያዝላቸው የሚገባውን ምርመራ ሊተው ይችላል፣ መድንም «ይህን ምርመራ አንዴ ከፍለንበታል» ሊል ይችላል። የሚጠይቁት መስመሩ የተሰረዘበትን አዲስ ሒሳብ ነው፤ ስሕተቱ በሕክምና መዝገቡም ውስጥ ገብቶ ከሆነ እርሱም እንዲታረም ነው።

መዝገብ ይዘው ቢመጡና መዝገቡ የሚያሳምን ከሆነ ያንን ነጥብ በጽሑፍ ይተዉት። የጉብኝት ማስታወሻው ከተገኘ የልብ ሐኪሙን ክፍያ ይክፈሉ፤ ይህ ለቀሩት ነጥቦች ያለዎትን ታማኝነት ከፍ ያደርገዋል። የቀረበልዎ ማስታወሻ ቀድሞ በተሰጠዎት ቅጂ ውስጥ ያልነበረ ከሆነ ግን ሁለቱን ቅጂዎች ጎን ለጎን አያይዘው መቼ እንደተጻፈ ይጠይቁ። መዝገቡን አስቀድመው ይውሰዱ ያልኩዎት ለዚህ ቀን ነው።

ደብዳቤው የማይችለውም አለ። ዋጋው በዛ፣ ምርመራው አያስፈልግም ነበር፣ ሐኪሙ አመናጨቀን የሚሉ ቅሬታዎች በዚህ መንገድ አይፈቱም፤ ሌላ ማስረጃና ሌላ መድረክ ይፈልጋሉ፣ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ከተቀላቀሉም ያዳክሙታል። ደብዳቤው የሕግ ጊዜ ገደብንም አያቆምም። ለአቤቱታና ለክስ የተወሰነው ጊዜ እንደየአገሩ ሕግ ይለያያልና መልስ እየጠበቁ እንዳያልፍብዎ አስቀድመው ያጣሩ።

በ15 ቀን መልስ ካልመጣ አንድ አጭር ማስታወሻ ይጻፉና ሌላ 7 ቀን ይስጡ። ያ ካለፈ በኋላ ሁለቱን ደብዳቤዎች፣ የመቀበያ ፊርማውን፣ ዝርዝር ሒሳቡንና የመዝገቡን ገጾች በአንድ አቃፊ አድርገው የጤና ተቋማትን ለሚቆጣጠረው መሥሪያ ቤት ያቅርቡ፤ የሸማቾች ጥበቃ አካል ካለም ለእርሱ። በማኅበራዊ ሚዲያ የክሊኒኩን ስም ጠርቶ መጻፍ ይህ ሁሉ ከመጠናቀቁ በፊት አይሞከርም፤ የስም ማጥፋት ክስ ሊያስከትል ይችላል፣ የአባትዎንም ሕመም አደባባይ ያወጣል። የቀረው የሁለት ብልቃጥ መድኃኒት ክርክር ብቻ ከሆነ ፍርድ ቤት አይሂዱበት፤ ወጪው ይበልጣል። ሲቲ ስካኑ ካልተሰረዘ ግን ለአነስተኛ ገንዘብ ክርክር የተዘጋጀ ችሎት ካለ በዚያ ቢያቀርቡት ያዋጣል፤ ክሊኒኩም ምስሉን ይዞ መቅረብ ይኖርበታል።